39 ዩኒት የት ገባ? የጋራ ፈንድ ዋጋ፣ ወጪና መውጫ ያስነሱት ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ርዕሱን የሰጠው ገና ፈንድ ውስጥ ከመግባቱ የዓመቱን ወጪ እንደቆረጡበት በመክሰስ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ማታ ስልኩ ላይ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ የአንድ ፈንድ ዩኒት፣ ማለትም የአንድ ድርሻ ዋጋ፣ 25.00 መሆኑን አየና 50,000 አስገባ። የየት አገር ገንዘብ እንደሆነ አልጻፈም፤ የጠየቀውም የለም። በእጁ ሲያሰላው 2,000 ዩኒት ይደርሰዋል። ዓርብ ዕለት የደረሰው ማረጋገጫ ግን 1,960.784 ይላል። የጎደለው 39 ዩኒት ከ2,000ው ሲታይ ሁለት ከመቶ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ የፈንዱ ሰነድ ላይ ለማስተዳደሪያ ይወሰዳል ተብሎ የተጻፈው ዓመታዊ የወጪ ምጣኔም 2 ከመቶ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አጋጠመና ደመደመ፦ ወጪው ቀስ በቀስ ይቀነሳል ብለው በአንድ ጊዜ ወሰዱት።

እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ሳነበው ክሱ የሚያስኬድ መስሎኝ ነበር። ቁጥሮቹ እንዲህ ሲገጣጠሙ ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው መላሽ፣ ቁጥር 1፣ አልፈለገም። ፈንድ የሚባል ነገር ሁሉ ሌብነት መሆኑን በሦስት መስመር ጽፎ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣም። ቁጥር 2 ደግሞ ጠያቂውን አንቱ እያለ፣ በትሕትና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ትዕዛዙ በስንት ሰዓት እንደተላከ፣ ማረጋገጫው ላይ ከዩኒቱ ብዛት ጎን የሰፈረው ዋጋና ቀን ምን እንደሆነ። ይህ ሰው ወደ ታች በየመሀሉ ብቅ ይላል። ጉዳዩን በደንብ የሚያውቀው እሱ መሆኑ የገባኝ ከመልሱ ሳይሆን ከጥያቄው ነው።

ቁጥር 3 ግን በልበ ሙሉነት መልስ ይዞ ቀረበ። የወጪ ምጣኔ የሚወሰደው ዓመቱ ሲያልቅ ከባለሀብቱ ሂሳብ ላይ ዩኒት በመሰረዝ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተቆረጠው የመግቢያ ክፍያ መሆን አለበት አለ። የሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግምት መጥፎ አይደለም፤ የመግቢያ ክፍያ የሚያስከፍሉ ፈንዶች በእርግጥ አሉ። የመጀመሪያው ግን ኋላ ላይ ብዙ ያጨቃጨቀው ነው፤ እመለስበታለሁ።

በቁጥር 4 ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ትዕዛዙን የላከው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ማረጋገጫው ላይ የሰፈረው ዋጋ 25.50 ሲሆን ቀኑም የረቡዕ ነው። ይህን ማግኘቱ ግን አላበረደውም። ጭራሽ ክሱን ቀየረና በ25.00 አሳይተው በ25.50 ሸጡልኝ ወደሚል ተሻገረ።

ቁጥር 5 ላይ ያ ትሑቱ ሰው ስሌቱን ዘረጋ። 50,000ን ለ25.50 ሲያካፍሉት የሚገኘው 1,960.784 ነው፤ እስከ ሦስተኛው አሃዝ ድረስ። ይህ ማለት የገባው ገንዘብ በሙሉ ዩኒት ተገዝቶበታል፣ አንድም ሳንቲም አልተቀነሰም። ቀጥሎም ሁለቱን ጥርጣሬዎች በቁጥር ፈተናቸው። 2 ከመቶ ተቆርጦ ቀሪው 49,000 በ25.00 ቢገዛ ኖሮ የሚደርሰው ድፍን 1,960 ዩኒት ነበር፤ ጭራ አይኖረውም። የመግቢያ ክፍያ ተቀንሶ በ25.50 ቢገዛ ደግሞ ብዛቱ ወደ 1,921.569 ይወርድ ነበር። ከነጥቡ በኋላ ያለችው 784 ናት እውነቱን የምትናገረው። ሰው ሁሉ ድፍኑን ቁጥር አይቶ ያልፋል፤ እዚህ ግን ፍርዱ ያረፈው ከነጥቡ ወዲህ ባለው ላይ ነበር። በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔን ያስደሰተኝ ይህ ነው። ማንም ሰው ማረጋገጫ ሲደርሰው ያስገባውን ገንዘብ እዚያው ለተጻፈው ዋጋ አካፍሎ፣ ውጤቱ ከተሰጠው ዩኒት ጋር እስከ ጭራው ካልገጠመ መሀል ላይ የተቀነሰ ነገር እንዳለ ማወቅ ይችላል።

እንግዲህ ዋጋው ለምን 25.50 ሆነ? ቁጥር 6ም ያው ሰው ነው። ማክሰኞ ማታ ስልኩ ላይ የነበረው 25.00 የማክሰኞ እንኳ አልነበረም፤ የሰኞ መዝጊያ ነበር። ፈንዱ ገበያው ከተዘጋ በኋላ የያዛቸውን አክሲዮኖችና ጥሬ ገንዘብ በዕለቱ ዋጋ ደምሮ፣ ዕዳውንና ያልተከፈለ ወጪውን ቀንሶ፣ የቀረውን በሰዎች እጅ ላለው ዩኒት ብዛት ያካፍላል። ስሌቱ አልቆ ሰው ስልክ ላይ እስኪደርስ ሌሊት ይሆናል፣ አንዳንዴም ይነጋል። በዚያ ላይ የትዕዛዝ መቁረጫ ሰዓት አለ። ከዚያ ሰዓት በፊት የገባ ትዕዛዝ የዚያኑ ቀን መዝጊያ ዋጋ ያገኛል፤ ካለፈ ግን የሚያገኘው የሚቀጥለውን የሥራ ቀን ነው። ጠያቂው ሁለት ሰዓት ማታ ስለላከ ማክሰኞ አመለጠውና ረቡዕን አገኘ። በሁለቱ ቀናት ገበያው በድምሩ 2 ከመቶ ወጥቶ ነበር። ከወጪ ምጣኔው ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው። ገበያው 2 ከመቶ ወርዶ ቢሆን ኖሮ 2,040 ገደማ ዩኒት ይደርሰውና ክሩም አይከፈትም ነበር፤ ይህቺኛዋ ትንሽ ጎንተል ያለች አስተያየት የጸሐፊው ናት፣ የኔ አይደለችም።

ጠያቂው በቁጥር 7 መለሰ፤ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል። ዋጋ ለጥፎ በሌላ ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ የት አለ? የሚገዛውን ነገር ዋጋ ሳያውቅ ገንዘብ የሚያስረክብ ሰው ሞኝ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ይህ ጥያቄ በእኔ ግምት የክሩ ልብ ነው፤ የቁጥር 8 መልስም ይመጥነዋል። ፈንድ ውስጥ ሻጩ ባለሱቅ አይደለም፣ ቀድመው የገቡት ሰዎች ናቸው። የዚያ ፈንድ ዩኒት 20 ሚሊዮን ነው ብለን እንነሳ፤ በረቡዕ መዝጊያ ሀብቱ 510 ሚሊዮን፣ የዩኒቱ ዋጋም 25.50 ይሆናል። ጠያቂው 50,000 አስገብቶ 1,960.784 ዩኒት ሲወስድ ሀብቱም ዩኒቱም በዚያው ልክ ያድጋሉ፣ ዋጋው ከ25.50 አይነቃነቅም፣ የተጠቀመም የተጎዳም የለም። በአሮጌው 25.00 ሸጠውለት ቢሆን ግን 51,000 የሚያወጣ 2,000 ዩኒት በ50,000 ይዞ ይሄዳል። ትርፉ 1,000 ከሰማይ አልወረደም፤ ከነባሮቹ ኪስ የወጣ ነው። አንድ ሰው ሲያደርገው አይታይም። ገበያው መውጣቱን አይቶ በትናንት ዋጋ የሚገዛ ሰው በየቀኑ ቢመጣ ግን የነባሮቹ ሀብት ይቦጠቦጣል።

ጸሐፊው ታሪኩንም አመጣ። አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ በተሰላ ዋጋ ዩኒት መሸጥ የቆየ ልማድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ደንብ ነው ትዕዛዝ ከደረሰ በኋላ በሚሰላው ዋጋ ብቻ እንዲሸጥና እንዲመለስ ያስገደደው። ደንቡ ቢኖርም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2003 የኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤሊየት ስፒትዘር ካናሪ ካፒታል ፓርትነርስ የተባለ ኩባንያ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ትዕዛዝ እያስገባ በዚያው ቀን ዋጋ ይገዛ እንደነበር አጋለጡ። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የመቁረጫ ሰዓት ቢሮክራሲ የሚመስለው ሰው ይህን ጉዳይ ያንብብ አለና አበቃ።

ከዚህ በኋላ ጠያቂው ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። መሀሉን የያዘችው የቁጥር 9 ጸሐፊ ናት። እሷ ይህን ሁሉ ጣጣ ለማስቀረት ትዕዛዙ ላይ ከ24 በላይ እንዳይገዛልኝ ብሎ መወሰን እንደሚቻል፣ ራሷም ሁልጊዜ እንዲህ እንደምታደርግ ጻፈች። ቁጥር 10 እንደዚያ ያለ ነገር የለም ብሎ በጅምላ አጣጣላት። ቁጥር 11 ግን ቀዝቀዝ አድርጎ ምን ዓይነት ፈንድ እንደያዘች ሲጠይቃት እንደማንኛውም አክሲዮን ገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ከሌላ ሰው ጋር ስለምትገበያይ ዋጋ መወሰን ትችላለች፤ ዋጋውም ከፈንዱ ሀብት ትንሽ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ጠያቂው የገባበት ዓይነት ግን ተገበያይ የለውም፤ ዩኒት የሚፈጥረውም የሚሰርዘውም ፈንዱ ራሱ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዋጋ። እሷና ቁጥር 10 ከዚህም በኋላ ሦስት መልእክት ያህል ተነካክተዋል፤ ማን ማንን እንደሰደበ መዘርዘሩ ጥቅም የለውም።

ቁጥር 15 ላይ ጠያቂው ለስለስ ብሎ ተመለሰ። ስለ ዋጋው ገብቶታል። ታዲያ ያ 2 ከመቶ መቼ ነው የሚወሰደው? ሂሳቡ ላይ እስካሁን አንድም ተቀናሽ አላየም።

አያይምም፣ አለ ቁጥር 2 የነበረው ሰው። ወጪው በየቀኑ ከፈንዱ ሀብት ላይ ይታሰባል፣ ዋጋው የሚሰላውም ከዚያ በኋላ ነው። በ510 ሚሊዮኑ ላይ 2 ከመቶ ለ365 ቀን ሲከፋፈል በቀን ወደ 27,945 ይመጣል። ይህ በ20 ሚሊዮን ዩኒት ሲካፈል ለአንድ ዩኒት 0.0014 አካባቢ ነው። ዋጋ በሁለት አሃዝ በሚለጠፍበት ስልክ ላይ በቀን ውስጥ ፈጽሞ አይታይም። የጠያቂው ድርሻ በቀን 2.74 ገደማ ነው፤ ደረሰኝ የለውም፣ ዩኒቱም አይቀንስም። ገበያው ዝም ባለበት ቀን ዋጋው በዚያች ታህል ዝቅ ይላል፣ በወጣበት ቀን በዚያች ታህል ሳይደርስ ይቀራል። ፈንዱ በከሰረበት ዓመትም ይታሰባል፤ የሚታሰበው በትርፉ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ሀብት ላይ ነውና። አስተዳዳሪው በየዓመቱ የሚያወጣው የትርፍ ቁጥርም ወጪው ከወጣ በኋላ ያለ ነው፤ ስለዚህ 2ቱን ከዚያ ላይ ደግሞ የሚቀንስ ሰው ሁለት ጊዜ ቀነሰ ማለት ነው።

ቁጥር 3 እዚህ ጋ ተቆጣ። የዘንድሮ መግለጫው ላይ ዩኒቱ በግልጽ እንደተቀነሰ፣ ማንም በንድፈ ሐሳብ ሊያታልለው እንደማይችል ጻፈ። ፊት ለፊት ሰው ውሸታም እስከማለት ደረሰ። ቁጥር 2 ግን በጥያቄ መለሰለት፦ ከተሰረዙት ዩኒቶች ጎን የተጻፈው የክፍያ ስም ምንድን ነው? በማግስቱ መልሱ መጣ። የተቆረጠው የፈንዱ ወጪ አልነበረም፤ ፈንዱን የገዛለት አማካሪ ድርጅት በዓመት የሚወስደው የምክር ክፍያ ነበር፣ ዩኒት እየሸጠ የሚወስደው። ስለዚህ ሰውየው ዩኒት ተሰርዞብኛል ማለቱ እውነት፣ የወጪ ምጣኔው ነው ማለቱ ስህተት ነበር። የከፋው ሁለቱንም መክፈሉ ነው፤ አንዱን እያየ፣ ሌላውን ሳያይ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ክሩ ላይ ግን ቆየ፣ ለዚህም አከበርኩት።

አንዲት ሌላ ጸሐፊ በቁጥር 20 በሚታየውም በማይታየውም ላይ ጨመረችበት። ፈንዱ አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ ለደላሎች የሚከፍለው በብዙ አገር ከወጪ ምጣኔው ውጭ ነው፤ ስለዚህ በዓመት ውስጥ ይዞታውን ደጋግሞ የሚያገላብጥ ፈንድ በወረቀት ላይ ካለው ምጣኔ በላይ ያስወጣል። ከዚያ 2 ከመቶ በረጅም ጊዜ ምን እንደሚያህል አሰላች። 50,000 ለ20 ዓመት ከወጪ በፊት በዓመት 7 ከመቶ ቢያድግ፣ 2 ከመቶ ሲወጣለት 132,665 ያህል ይሆናል፤ ግማሽ ከመቶ ብቻ ሲወጣለት ደግሞ 176,000 ያልፋል። አንድ ሰው ውድ አስተዳዳሪ የተሻለ ትርፍ ሊያመጣ እንደሚችል ሊከራከራት ሞከረ። እሷ ሊያመጣ ይችላል፣ ወጪው ግን ቢያመጣም ባያመጣም ይወሰዳል አለችና ተወችው።

መሀል ላይ ዩኒቱ 10 የሆነ አዲስ ፈንድ ከ25.50ው ይረክሳልና እሱን ግዛ የሚል ምክር ገብቶ ነበር። አንድ ሰው በሁለት መስመር ዘጋው፦ 10 የሆነው ገና ስለተጀመረ ነው፤ ሁለቱም የያዙት ሀብት በ5 ከመቶ ቢያድግ 50,000ው በሁለቱም 52,500 ነው። ዩኒት መብዛቱ ዓይን ከመሙላት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ስለ መውጣት የተነሳው በቁጥር 24 ነው። ጸሐፊዋ በየወሩ 1,000 እያስገባች 18 ወር ሞላት፤ 19ኛው ክፍያ ገና አልገባም ነበርና 18 ጊዜ ከፍላለች። የፈንዷ ደንብ 12 ወር ያልሞላው ዩኒት ሲመለስ 1 ከመቶ የመውጫ ክፍያ ይቆረጣል ይላል። እሷ ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ሂሳቡን ከከፈተችበት ቀን ነው ብላ ሁሉንም አስመለሰች። ተቆረጠባት። እያንዳንዱ ወር ክፍያ የራሱ ሰዓት እንዳለው የነገራት ቁጥር 26 ነው፦ 12 ወር የሞላቸው የመጀመሪያዎቹ 7 ክፍያዎች ብቻ ነበሩ፣ 11ዱ አልሞላቸውም። የቸኮለችበት ጉዳይ የሚፈልገው ግን 5,000 ብቻ እንደነበር ስትጽፍ ብዙዎች እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። የምትፈልገውን ያህል ገንዘብ ብቻ ጠይቃ ቢሆን ቀድመው የተገዙት ዩኒቶች ቀድመው ይወጡ ነበር፣ ከ7ቱ ውስጥ ስለሚሸፈንም ምንም አትከፍልም ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥር 2 አንድ ተግባራዊ ነገር አከለ። ሲወጡ በገንዘብ ወይም በዩኒት ማዘዝ ይቻላል። በገንዘብ ካዘዙ የሚደርስዎት ይታወቃል፣ ስንት ዩኒት እንደሚሰረዝ ግን ዋጋው እስኪሰላ አይታወቅም። በዩኒት ካዘዙ ተቃራኒው ነው። ሁሉንም ለመዝጋት የሚፈልግ ሰው በገንዘብ ቢያዝ ወይ ቅንጥብጣቢ ዩኒት ይቀርበታል፣ ወይ ዋጋው ከወረደ ሀብቱ አይበቃምና ትዕዛዙ ይመለስበታል። የመቁረጫ ሰዓቱም ሲወጡ እንደሲገቡ ይሠራል። ገንዘቡ እጅ የሚገባው ደግሞ ከቀናት በኋላ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 7 ቀን ነው።

የመጨረሻዎቹ ምላሾች በአንድ ጉዳይ ተጠምደው ሳይግባቡ ቀሩ። ቁጥር 29፣ ፈንድ ውስጥ እሠራለሁ የሚል ሰው፣ የመውጫ ክፍያውን አስተዳዳሪው ሳይሆን ፈንዱ ራሱ ሊወስደው ይገባል ባይ ነው፤ አንድ ትልቅ ባለሀብት ሲወጣ ፈንዱ አክሲዮን ለመሸጥ የሚያወጣው ወጪ በሚቀሩት ላይ ይወድቃልና። ቁጥር 2 በሐሳቡ ይስማማል፣ መሣሪያው ግን የተሳሳተ ነው ይላል። ለእሱ የሚሻለው ብዙ ገንዘብ በሚወጣበት ቀን የዩኒቱን ዋጋ ራሱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማስላት ነው፤ ወጪው በሚወጡት ሰዎች ላይ ይወድቃል፣ በአውሮፓም የሚሠሩበት አሉ። ቁጥር 29 ይህ በዚያው ቀን በ1,000 የወጣችውን ትንሽ ባለሀብት ከትልቁ ጋር አብሮ ይቀጣል ብሎ ተቃወመ። የ24ቷ ጸሐፊ ያቺ ትንሽ ባለሀብት እሷ መሆኗን ጠቅሳ ሁለቱንም አልቀበልም አለች። ጠያቂው በቁጥር 33 የራሱ ፈንድ የትኛውን እንደሚከተል ከሰነዱ ላይ ሊያገኝ እንዳልቻለ ጻፈ፤ ቁጥር 2 የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚፈልገው ነገረው፣ የዋጋ አሰላል የሚለው ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ።